ጨዋዋ ቡሎን

ክሊኒካችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሐኪሙም፣ ካርድ የምታወጣው ልጅም፣ ውሻ እየጎተተ የሚመጣው ደንበኛም «እትዬ ጡጦ» ነው የሚሏት። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስቀጠር አንቱ ብያት ነበር። «አንቱ ካልሽኝ ይህን ጡጦ አናትሽ ላይ ነው የማፈስልሽ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ተባብለናል።

ሃያ ሁለት ዓመት የለስላሳ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ስታይ ኖራለች። ሥራዋ ይኸው ነበር፣ ማየት። የታጠበው ጠርሙስ በመብራት ፊት ሲያልፍ የተሰነጠቀውን፣ አፉ የተሸረፈውን፣ ቂጡ ላይ ቆሻሻ የቀረበትን እየለቀመች ታወጣለች። በኋላ የሚያይ ማሽን መጣና እሷን አሰናበቷት። እኛ ጋ የገባችው ወለል ልትወለውል ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ሰውዬ እናቱ የሞተችበትን የድመት ልጅ በካርቶን አድርጎ በር ላይ ጥሎ ሄደ። ሐኪሙ መርፌ ሲያዘጋጅ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈችና «ለምንድነው የሚገድሉት?» አለችው።

«በየሁለት ሰዓቱ ማን ያጠባዋል?»

«እኔ።»

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ዓይኑን ያልገለጠ የድመት ልጅ እኛ ጋ ከመጣ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ እትዬ ጡጦ ወይ መርፌ። ሌላ ሰው የለንም። ከምታሳድጋቸው ሲሶው ይሞትባታል። እሱንም የምትናገረው እንደ ጠርሙስ ነው፤ «ይህኛው ስንጥቅ ነበረበት» ትላለች፣ ፎጣውን በበረኪና አጥባ ታሰጣለች፣ ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች።

ባለፈው ዓመት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የወተቱን ዱቄት ስትለካ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ኪል ኪል ሲል ሰማሁና «ምነው እትዬ፣ ደወል ሆንሽ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ እኔም አልቀለድኩም።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ፣ ደንበኞች እቤታቸው የሚያገኟቸውን የድመት ግልገሎች እንዳይገድሏቸው መመሪያ ጽፈሽ ለጥፊ አለኝ። ጻፍኩ። ቀዝቃዛ ግልገል አይጠባም፣ መጀመሪያ ይሙቅ። የላም ወተት አይሰጥ፣ ያስቀምጠዋል። ግልገሉ በሆዱ ይተኛ እንጂ በጀርባው አይሁን። ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። ከእያንዳንዱ ማጥባት በፊትና በኋላ ሽንቱ እንዲወጣ ይደረግ። እዚህ ጋ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አወጣ።

«እዚህ ሰው ሻይ ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሽንት ሽንት አትበዪ። ጨዋ ቃል ፈልጊለት።»

ፈለግኩለት። «ከእያንዳንዱ ማጥባት በፊትና በኋላ በሞቀ እርጥብ ጥጥ ይጠረግ» ብዬ ጻፍኩ። እኛ የምናውቀው ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ሐኪሙ አነበበና «እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ። ሠላሳ ኮፒ አባዛሁ።

ቡሎን የተባለችውን የድመት ልጅና ወንድሞቿን ያመጣቸው ግራሶ የምንለው መካኒክ ነው፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው ጋራዥ። እናትየዋ የሞተር ሙቀት ፈልጋ አንድ መኪና ኮፈን ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሲያስነሱት ያው ነው። ግራሶ ልጆቹን ያገኛቸው በማግስቱ ነው፣ መለዋወጫ መደርደሪያው ሥር፣ ባዶ ብረት ላይ። ሦስት ናቸው። በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«ወተት ልሰጣቸው ብል አፋቸውን አልከፍት አሉኝ» አለ።

እትዬ ጡጦ ጣቷን አንደኛው አፍ ውስጥ አስገባች። «እንኳን አልከፈቱልህ። አፋቸው በረዶ ነው። በዚህ ላይ ወተት ብታወርድባቸው ሆዳቸው ውስጥ ይበላሽ ነበር እንጂ አይፈጭም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ምንም። ይሞቃሉ። ቀስ ብለው።»

የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞላች፣ በፎጣ ጠቀለለች፣ የካርቶኑ አንድ ጎን ላይ ብቻ አስቀመጠችው። ሁለቱም ጎን ከሞቀ ግልገሉ ሲበዛበት የሚሸሽበት ያጣል። ትንሹን ግን ካርቶኑ ውስጥ አላስገባችም፤ ጡቷ መሃል ሸጎጠችው። ዘጠና ስድስት ግራም ነበር። ከሰዓት በኋላ አወጣችው፣ አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሞቋል፤ የሞቀው ግን በእሷ ሙቀት ነው፤ ከሞተ ቆይቷል።

ሁለቱ ነፍስ ዘሩ። ወንዱ መቶ አሥራ አራት፣ ሴቷ መቶ አሥራ ስምንት ግራም። ግራሶ ሴቷን ቡሎን አላት፣ ክብ ራስና ቀጭን አካል ስላላት።

ወንዱ የሞተው በአራተኛው ቀን ነው፣ የሞተውም በእትዬ ጡጦ እጅ ነው። ይህን እሷም አትክድም። ወተቱ እንደሚገባው ሆኖ ነበር፤ አንድ እጅ ዱቄት በሁለት እጅ ውኃ፣ አንጓዋ ላይ ሲንጠባጠብ ሙቀቱ የማይታወቅ። ግልገሉም በሆዱ ነው፣ አንገቱ ትንሽ ቀና ብሎ። ግን እጇ ሲንቀጠቀጥ ጡጦውን ሳታስበው ጨመቀችው፤ ከሚጠባው ግልገል ጋር አብሮ መሄድ ሲገባው ወተቱ ቀደመና በአፍንጫው መጣ። ወዲያው ደፍታ አራገፈችው፣ ጠረገችው። በማግስቱ ደረቱ መንኮራኮር ጀመረ። ሳንባ ላይ የገባ ወተት በዚያ ዕድሜ ምሕረት የለውም።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቶ፣ እኔ ባለሁበት ነገራት።

«እትዬ፣ ለእጅዎ ከሆስፒታል ወረቀት ያምጡልኝ። ያቺ ሴቷ በሰላም ካደገች እንቀጥላለን። ካላደገች ግን ከዚህ በኋላ ካርቶን አልሰጥዎትም። ግልገል በረሃብ ሳይሆን በወተት ሰጥሞ ሲሞት ማየት አልችልም።»

«ካርቶኑን ካልሰጡኝ ለማን ይሰጡታል?»

 መርፌው ያለበትን መሳቢያ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

እትዬ ጡጦ የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊቱ ክፍል የስፌት መኪናና የተቆለለ ጨርቅ ነው፣ የጓሮው ክፍል ካርቶን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚያን ካርቶኖች በአፍንጫዋ ጫፍ ነው ያየቻቸው። ነጭ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ምን ታድርግ። ግን እጇ! መርፌ ውስጥ ክር ሳታይ የምታስገባ፣ እያወራች ቀጥ ያለ መስመር የምትቆርጥ።

እትዬ ጡጦ ዙሪያውን አልሄደችም። «እጅሽን አውሺኝ» አለቻት።

«ለድመት?»

«ለእኔ።»

ሁለት ቀን አሠለጠነቻት። እኔም ከሥራ ስወጣ ሄጄ አይቻለሁ። እህትየዋ ቡሎንን ፎጣ ላይ በሆዷ አስተኝታ፣ ጫፉን በከንፈሯ ጎን አስገብታ፣ ጡጦውን ይዛ ዝም። አትጨምቅም፣ አትገፋም። ግልገሏ ትስባለች፣ ጆሮዋ ከመጥባቱ ጋር ንቅ ንቅ ይላል። ስምንት ሚሊው ሲያልቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መታ መታ እያደረገች ታስገሳታለች። እትዬ ጡጦ አጠገቧ ቆማ እንደ ጠርሙስ ዘመኗ በመብራቱ ታያለች።

«አየሽ፣ እጄ ጨርቅ ላይ ብቻ አይደለም» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። እኔ እንድመሰክር ነው።

ማጥባቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ ግን አልሆነላትም። እትዬ ጡጦ ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ የግልገሏን ጅራት ስታነሳ እህትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«ያን ያንቺን ነገር እኔ ፊት አታድርጊው። ምሳዬን ልበላበት።»

«እናትየዋ በምላሷ የምታደርገው ነው፤ ምን ነውር አለው?»

«እኔ እናትየዋ አይደለሁማ!»

ተሳሳቁ። እትዬ ጡጦም ያንን ራሷ እየሠራች ጨረሰችው። ጥጥ ለመያዝ የማይንቀጠቀጥ እጅ አያስፈልግም።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ በስምንተኛው ቀን ሆነ። ሐኪሙ ሳይጠይቃት በፊት የያዘችው፣ ሦስት ወር የጠበቀችው ነው። ቡሎን መቶ ሰማንያ ስድስት ደርሳለች፣ አንድ ዓይኗ በክር ያህል ተከፍቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ጡጦ ራሷ አሸናቻት፣ እህትየዋ አጠባቻት፣ እሷ ደግማ አሸናቻት። የእኔን ወረቀት የስፌት መኪናው አንገት ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

«አራት፣ ሰባት፣ አሥር ሰዓት ላይ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ለውጪ። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ፣ የተማረች ልጅ ናት የጻፈችው።»

የተማረች ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ወረፋ ደወለች። ያወሩትን በኋላ ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃል በቃል አንድ ነው።

«በላች?»

«ጥርግ አድርጋ።»

«ሙቀቱስ?»

«አሁን ለወጥኩላት።»

«ጠርገሻታል?»

«ንጹህ ናት።»

እትዬ ጡጦ «ጠርጌያታለሁ» ብላ ሰማችው። እህትየዋ ግን ያየችውን ነው የተናገረችው። ወረቀቱ ይጠረግ ይላል፤ ጅራቷን አንስታ አየች፤ ቆሻሻ የለም። ያልቆሸሸ ነገር ምኑ ይጠረጋል? የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ እድፍ ካለ ታውቃለች። ፎጣውም ደረቅ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሏት ከፒጃማ ትራፊ ለስላሳ ጨርቅ ቆርጣ ትንሽ ከረጢት ሰፋችላት። አሥር ሰዓት ላይ ቡሎን ጡጦውን እምቢ አለች፣ ትጮህም ነበር። ጠግባ ነው ብላ ከረጢቷ ውስጥ አስገባቻት።

እትዬ ጡጦ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባች። እህትየዋ በር ላይ ተቀበለቻት።

«እንደዚህች ያለ ጨዋ አይቼ አላውቅም! ቀኑን ሙሉ ጠብታ እንኳ ጨርቄ ላይ የለም።»

እትዬ ጡጦ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። «ምን አልሽ?»

«ጨዋ ናት ነው የምልሽ። አልሸናችም።»

ክሊኒኩን ልዘጋ ስል ነው የደረሱት። ታክሲው ውስጥ ካርቶኑን የያዘችው እህትየዋ ናት፤ እትዬ ጡጦ እጇ አላስችል ብሏት። ቡሎንን ሳወጣት ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ከጎድን አጥንቷ በታች የለውዝ ያህል ሳይሆን የእንቁላል ያህል ነገር ይዳሰሳል። ድድዋ ነጥቷል። ጥጥ በሞቀ ውኃ ነክሬ ዳሰስኳት። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ይገረማል እንጂ፣ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ የድመት ልጅ በራሷ መሽናት አትችልም፤ የእናቷ ምላስ ወይም ያንን የሚመስል ነገር ካልነካት ሽንቱ እዚያው ይጠራቀማል። ሦስት ጠብታ መጣ። ቆመ። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው፣ ሆዷን ከሁለት ጎን ደግፎ ያዘ። ትንሽ መጣ፤ ሮዝ ቀለም ነበረው። ከዚያ እጁ ሥር ያ እንቁላል የሚያህለው ነገር በድንገት ለስለስ አለ፤ ጥጡ ላይ ግን ምንም የለም።

ሐኪሙ እጁን አነሳ።

«ወጣላት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ወደ ውስጥ ነው የወጣው። ፊኛዋ ተተርትሯል። ቀድሞ ሳስቶ ነበር፣ እኔ ብነካውም ባልነካውም።»

መተርተር የምታውቀው ቃል ነው። «ይሰፋላ!»

«ይህን ያህል ትንሽ አይሰፋም፣ እመቤቴ።»

«እኔ በዓይን የማይታይ ነገር እሰፋለሁ! ክር ስጡኝና...» አለች። ከዚያ ከኪሷ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የእኔ ጽሑፍ ነው፣ ፕላስተሩ ጠርዙ ላይ እንዳለ። «ይጠረግ ነው የሚለው። ቆሻሻ ሲኖር አይደል የሚጠረገው? ጅራቷን አንስቼ አየሁ። ሦስት ጊዜ አየሁ። አልነበራትም እኮ!»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ።  ማናችንም «ጨዋ ቃል» አላልንም።

መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቡሎንን የያዘቻት ልብስ ሰፊዋ ናት፣ በከረጢቷ ውስጥ እንዳለች፤ እጇ እስከ መጨረሻው አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ጡጦ ከመብራቱ ሥር ቆማ ሁሉንም አየች። ሲያበቃ፣ «ይህቺ ስንጥቅ አልነበረባትም» አለች። 

የሆስፒታሉ ወረቀት መጣ። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም። ሐኪሙ ቃሉን ጠበቀ፤ ካርቶኖቹ ወደ ዕቃ ክፍል ገቡ፣ እሷም ወደ መወልወያዋ ተመለሰች። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት አምስት ግልገል መጣ። አምስቱም በመሳቢያው አለፉ። በእነዚያ ቀናት እትዬ ጡጦ ከሐኪሙ ክፍል በጣም የራቀውን ኮሪደር ደጋግማ ትወለውል ነበር።

እኔ ወረቀቱን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩት። ሐኪሙን አላማከርኩም። «የድመት ልጅ በራሷ አትሸናም። ከእያንዳንዱ ማጥባት በፊትና በኋላ፣ ንጹህ ብትሆንም ባትሆንም፣ ብልቷን በሞቀ እርጥብ ጥጥ ቀስ አድርገው እያሹ ያሽኗት። ሽንቱ እስኪያቆም ድረስ። ጨርቁ ደረቅ ነው፣ ጥጡም አልረጠበም ማለት ልትሞት ነው ማለት ነው።» በትልልቅ ፊደል፣ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ሐኪሙ ሻዩን ይዞ ቆሞ አነበበው፤ አልነካውም።

በአራተኛው ሳምንት ግራሶ ሌላ ካርቶን ይዞ መጣ፣ ይህኛው ከመንገድ የተገኘ ነው። ሁለት። አንደኛዋ አልፋለች። ሁለተኛዋ መቶ ሁለት ግራም፣ ቀዝቃዛ፣ ግን አፏን ትከፍታለች። ሐኪሙ ጓንት ሲያጠልቅ እትዬ ጡጦ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ ስልክ ደወለች። ተመልሳ «ግማሽ ሰዓት» አለችው። ለመነችው ማለት አይቻልም፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ የጠየቀችው ግማሽ ሰዓት ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። እሷ ግልገሏን ጡቷ መሃል ሸጎጠች።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷ ላይ የስፌት ቆብ እንዳለ መጣች። ወደ እኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት መጠበቂያው ውስጥ ቆመች፤ ሁለት ሰዎች ከነውሾቻቸው ተቀምጠዋል። አዲሱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው። «ያሽኗት» የሚለው ላይ ስትደርስ ደገመችው። አንደኛው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞራም አላየችው።

ግልገሏ እስክትሞቅ ጠበቅን። ጣታችንን በየተራ አፏ ውስጥ አስገብተን ለብ ማለቱን አረጋገጥን። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ የጣቷን ቆብ አውልቃ ጥጡን ነከረች፣ ጨመቀች፣ ጅራቱን አነሳች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

«ዝቅ» አለች እትዬ ጡጦ፣ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ይዛ። «እንደ ምላስ። አትፈትጊያት። ከላይ ወደ ታች... አዎ። አታቁሚ።»

ምንም የለም። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ።

«አታቁሚ አልኩሽ እኮ።»

ጥጡ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ከጥጡ አልፎ በልብስ ሰፊዋ አንጓ ላይ ወረደ፣ ነጩ እጅጌዋ ላይ ሰፊ እድፍ ሠራ።

«ኧረ ባለጌ!» ብላ ጮኸች፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም። «ባለጌ ናት፣ እቴቴ! አየሻት?»

እትዬ ጡጦ ጥጡን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ጥጡ ይንቀጠቀጣል። አገላብጣ አየችው።

«ጡጦውን አምጪ» አለችኝ።